አንድ ቦርድ፣ ሦስት ጠረጴዛ፣ ሦስት የመውጫ ጊዜ፦ የትኛውን ልመን?

ዘማርቆስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ዛሬ ተማሪዎቼ ፊት ያሳፈረኝን ነገር ላውጋችሁ።

በ74HC14 አንድ ትንሽ ቦርድ ሠራሁ። በ5 ቮልት ይሠራል፣ 100 ኪሎ ኸርዝ ካሬ ሞገድ ያወጣል፣ መውጫው ላይ የ47 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በይጄበታለሁ። የአምራቹ መግለጫ የመውጫ ጊዜው፣ ራይዝ ታይም የምንለው ማለቴ ነው፣ በ4.5 ቮልትና በ50 ፒኮፋራድ ጭነት እንደተለመደው 7 ናኖ ሰከንድ ነው ይላል። ተማሪዎቹ ይህን ቁጥር በዓይናቸው አይተው እንዲያረጋግጡ ነበር ሐሳቤ።

በሦስት ጠረጴዛዎች ላይ ሦስት አንድ ዓይነት ኦሲሎስኮፖች አሉን፤ ሁሉም ባለ 100 ሜጋ ኸርዝ ናቸው። ያንኑ ቦርድ ይዘን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርን። የመጀመሪያው 61 ናኖ ሰከንድ አለ። ሁለተኛው 19 አለ። ሦስተኛው 8.6 አለ፤ እሱ ደግሞ የሞገዱን ቁመት 5 ቮልት ሳይሆን 4.3 ቮልት አድርጎ ያሳያል። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ የትኛው ነው እውነቱ?» አለችኝ። «ሦስተኛው ለመግለጫው ይቀርባል» አልኳት። ይህ መልስ እንዳልሆነ እሷም ገብቷታል፣ እኔም ገብቶኛል። ቺፑን ቀየርኩ፣ የኃይል ምንጩን ቀየርኩ፣ ያው ነው።

አባይ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ይህማ ግልጽ ነው። ፕሮቦችህ አልተስተካከሉም። ፕሮቡን ከስኮፑ ፊት ካለችው የ1 ኪሎ ኸርዝ መፈተሻ ጫፍ ጋር አገናኝ፤ የካሬው ማዕዘን ክብ ሆኖ ታየዋለህ። ፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሿን ብሎን ማዕዘኑ ቀጥ እስኪል አዙራት። ማዕዘኑ ክብ ከሆነ ሞገዱ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ 61 ያልከው እሱ ነው። ሦስቱንም አስተካክላቸው፣ ሦስቱም 7 ይሆናሉ። እኛ ባሕር ዳር በሁለተኛ ዓመት የተማርነው ነው።

የፍኖተ ሰላም ወፍጮ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

እኔ የመውጫ ጊዜውን 10 ሰከንድ አድርጌዋለሁ፣ ከዚያ ካሳጠርኩት ኢንቨርተሩ ከመጠን በላይ ጅረት ብሎ ይቆማል። ባለ 15 የፈረስ ጉልበት የወፍጮ ሞተር ነው። ናንተ ናኖ ሰከንድ የምትሉት እንዴት ቢሆን ነው? ሞተሩ አይሰበርም? ለነገሩ እኔም ስኮፕ ተውሼ የኢንቨርተሩን መውጫ ላየው እያሰብኩ ነው። አንድ ሰው የስኮፑን ሶኬት የመሬት እግር ቆርጠህ ካወጣህ ችግር የለውም ብሎኛል።

የጮቄ ነፋስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ወፍጮ፣ በመጀመሪያ ያንን እግር አትቁረጥ! እዚህ የምናወራው ሞተር ከዜሮ እስከ ሙሉ ፍጥነት የሚወስድበትን ጊዜ አይደለም፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምልክት ከቁመቱ 10 በመቶ ተነስቶ 90 በመቶ የሚደርስበትን ቅጽበት ነው። የአንተ ኢንቨርተር ውስጥ ከ500 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ፣ መውጫውም ከመሬት ጋር አይጣጣምም። የፕሮቡ የግራውንድ አዞ በስኮፑ አካልና በሶኬቱ በኩል መሬት ጋር የተያያዘ ነው። እግሩን ከቆረጥክ የስኮፑ አካል ራሱ ያንን ቮልቴጅ ይሸከማል፤ አንተም ስኮፑን ትነካለህ። ለዚያ ሥራ ዲፈረንሺያል ፕሮብ የሚባል አለ፣ እሱን እስክታገኝ ሞተርህን በጆሮህ ስማው።

ወደ ዘማርቆስ ልመለስ። አባይ ማዶ የነገረህ ሥራ መሠራት አለበት፤ ምክንያቱን ግን ስቷል። ማስተካከያው 61ን 7 አያደርግልህም።

በባለ አሥር ፕሮብ ውስጥ ምልክቱ የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነው። ዘገምተኛው ነገር በሬዚስተሮቹ ያልፋል፤ ጫፉ ውስጥ 9 ሜጋ ኦም፣ ስኮፑ ውስጥ 1 ሜጋ ኦም አለ፣ አንድ አሥረኛ ይደርሳል። ፈጣኑ ነገር በካፓሲተሮቹ ያልፋል። ብሎኗ የምትሠራው የካፓሲተሮቹ ድርሻም አንድ አሥረኛ እንዲሆን ማድረግ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ሁለቱ መንገዶች ካልተስማሙ ጠርዙ በፍጥነት ይወጣና የተሳሳተ ቁመት ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ቁመት ቀስ ብሎ ይንፏቀቃል። ይህ መንፏቀቅ 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ ነገር ነው። የመፈተሻው ሞገድ 1 ኪሎ ኸርዝ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ግማሽ ዙሩ 500 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ መንፏቀቁ ተጀምሮ ሲያልቅ ይታያል።

የአንተ ሞገድ 100 ኪሎ ኸርዝ ነው። ግማሽ ዙሩ 5 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ ለመንፏቀቅ ጊዜ የለውም። ማዕዘኑ ክብ አይሆንም፤ ቁመቱ ብቻ ይሳሳታል። እንግዲህ ያልተስተካከለው ፕሮብ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አሁን ራስህ ትነግረኛለህ፦ 5 ቮልቱን 4.3 ያደረገው፣ አንተ ለመግለጫው ይቀርባል ብለህ ያመንከው ሦስተኛው።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ፕሮብ አንገቱን ተመልከት። ተንሸራታቹ `1X` ላይ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። አንድ ባለ 100 ሜጋ ኸርዝ ፕሮብ `1X` ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 6 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ብቻ ያሳልፋል። እንግዲህ አስላው፦

```
t = 0.35 / BW
0.35 / 6 MHz = 58 ns
```

58 ናኖ ሰከንድ የፕሮቡ የራሱ ነው። በዚያ ላይ `1X` ሲሆን ወደ 100 ፒኮፋራድ ጭኖ ቺፑንም ያዘገየዋል። 61 ያነበብከው ይህንን እንጂ ቺፑን አይደለም።

ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የቻነሉን ማውጫ ክፈትና `BW Limit` የሚለውን እይ። `20M` ላይ ከሆነ 0.35ን ለ20 ሜጋ ኸርዝ ስታካፍል 17.5 ናኖ ሰከንድ ታገኛለህ። በላዩ የቺፑ 7 እና የፕሮቡ 3.5 አሉ፤ እነዚህ ግን በቀጥታ አይደመሩም፣ የእያንዳንዳቸው ካሬ ተደምሮ የካሬ ሥሩ ይወጣል። 19 ይሰጥሃል።

ነገ እይና ንገረን።

አባይ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

ጋሼ፣ እኔ ግን ያልተስተካከለ ፕሮብ የመውጫ ጊዜን ሲያበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ስኮፑ ራሱ ማይክሮ ሰከንድ ብሎ ጽፎልናል።

የጮቄ ነፋስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ያየኸው ልክ ነው፤ የ1 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ላይ ነበራችሁ። ስኮፑ 90 በመቶውን የሚቆጥረው ሞገዱ ተንፏቅቆ ከሚደርስበት የመጨረሻ ቁመት ነው። ጠርዙ 86 በመቶ ላይ ቆሞ ከቀረ፣ 90 የሚሞላው በመንፏቀቁ ነው፤ ስለዚህ የጠርዙን ፍጥነት ሳይሆን የመንፏቀቁን ጊዜ ይነግርሃል። ዘማርቆስ፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ሞገድህን ወደ 1 ኪሎ ኸርዝ አውርደህ ሞክረው። 86 ያልኩት 4.3ን ለ5 አካፍዬ ነው። 40 ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ ካላለህ ስሜን ቀይረው።

ዘማርቆስ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ጋሼ፣ ስምዎ አልተቀየረም።

የመጀመሪያው ፕሮብ `1X` ላይ ነበር። ስኮፑም `1X` ተብሎ ስለተሞላ ቮልቱ ትክክል ይታይ ነበር፤ ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው። ሁለተኛው `20M` ላይ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት የኃይል ምንጭ ሞገድ ሲለኩ አብርተውት ሳያጠፉት ወጥተዋል። ሁለቱን ሳስተካክል አንደኛው 8.7፣ ሁለተኛው 8.6 አሉ።

ሦስተኛውን በ1 ኪሎ ኸርዝ ሞከርኩት። ያው ቺፕ፣ ያው ፕሮብ፣ `Rise=42.00us` ብሎ ጻፈ። ተማሪዎቹን ጠርቼ አሳየኋቸው። በ100 ኪሎ ኸርዝ 8.6 ናኖ ሰከንድ፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ 42 ማይክሮ ሰከንድ። አምስት ሺህ እጥፍ ገደማ! ከዚያ ብሎኗን አዞርኩ፤ የካሬው አናት ጠረጴዛ ሲመስል ቆምኩ፤ ቁመቱ 5 ቮልት ሆነ፣ በ1 ኪሎ ኸርዝም ናኖ ሰከንዱ ተመለሰ።

አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነበር። በብረት ካቻቢቴ ሳዞር ቀጥ ይላል፣ ካቻቢቴውን ሳነሳ እንደገና ይጎብጣል። ከፕሮቡ ጋር የመጣችውን የፕላስቲክ መፍቻ ከመሳቢያ ፈልጌ ሳገኝ ነው የተቃናልኝ።

የጥፋቱ ምንጭም ታወቀ። ከትምህርት በኋላ ፕሮቦቹ ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ይጣላሉ፣ በማግስቱ የደረሰ ያነሳል። አንዱ ስኮፕ ላይ የተስተካከለው ሌላው ላይ ይሰካል። አሁን በየፕሮቡ ላይ ፕላስተር ለጥፌ የስኮፑንና የቻነሉን ቁጥር ጻፍኩበት።

ዳንግላ 7 | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡02

እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ አንድ ዘገባ አበላሽቻለሁ። ስኮፔ 40 ናኖ ሰከንድ ብሎኝ 40 ብዬ ጻፍኩ። ገምጋሚው የላክሁትን ምስል አጉልቶ መለሰልኝ፤ ለካ `Rise<40.00ns` ነው የሚለው። ምልክቷን አላየኋትም። ብዙ ዙር በአንድ ጊዜ እንዲታየኝ የጊዜውን ስፋት ዘርግቼው ነበር፤ ስኮፑ በሚያነሳቸው ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከጠርዙ ሰፍቶ «ከዚህ ያንሳል፣ ምን ያህል እንደሚያንስ አላውቅም» እያለኝ ነው። ጠርዙን ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላ ዘርግታችሁ እዩት።

ጣና ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ዘማርቆስ፣ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ስለተስማሙ ብቻ 8.6ን አትጻፍ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስህተት ተስማምተው ሊሆን ይችላል። ከጠርዙ በኋላ አናቱ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ? የግራውንዱን ሽቦ ከአዞው ጋር፣ ያንን 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ነው የምትጠቀመው?

ዘማርቆስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡44

አዎ፣ እሱን ነው። አናቱ ላይም ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዛወዝና ይረጋል። የቺፑ ጠባይ መስሎኝ ነበር።

ጣና ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

የሽቦው ጠባይ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ሽቦ በግርድፉ አንድ ናኖ ሄንሪ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትሩ 150 ይሆናል። ከፕሮቡ ጫፍ 12 ፒኮፋራድ ጋር ተገናኝቶ 119 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይርገበገባል። የአንዱ ውዝዋዜ ርዝመት 8.4 ናኖ ሰከንድ ነው። አንተ ከምትለካው ጠርዝ ጋር እኩል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን 90 በመቶው መስመር ላይ የደረሰው ቺፑ ይሁን ሽቦው መለየት አይቻልም። አንዳንዴ ጠርዙን ፈጣን አድርጎ ያሳያል፣ አንዳንዴ ዝግተኛ።

የፕሮቡን ኮፍያ ንቀለው፤ ጫፉ ዙሪያ ራቁት የብረት ቀለበት ታገኛለህ፣ ግራውንድ እሱ ነው። ከተቆረጠ የሬዚስተር እግር አንዱን እዚያ ላይ ጠምዝዘህ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ሹል አስቀር። ጫፉን የቺፑ መውጫ ላይ፣ ሹሉን ካፓሲተሩ ግራውንድ የነካበት ቦታ ላይ አሳርፍ። እጅህ ይዝላል፣ ግን ይሠራል።

ዘማርቆስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡20

ሠራ። ውዝዋዜው ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ንባቡም ከ8.6 ወደ 8.2 ወረደ። አንዱ ተማሪ ይይዛል፣ ሌላው ቁልፉን ይጫናል።

አሁን ሒሳቡ፦ የስኮፑ 3.5፣ የፕሮቡ 3.5። የ8.2 ካሬ 67.2 ነው፤ ከዚያ 12.25 እና 12.25 ቀንሼ የካሬ ሥሩን ሳወጣ 6.5 ናኖ ሰከንድ ይመጣል። ይህን ልጻፍ?

የጮቄ ነፋስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡40

«7 ገደማ» ብለህ ጻፍ። ነጥብ አምስቷን እንተዋት፤ የመግለጫው ቁጥርም ለ50 ፒኮፋራድ ነው፣ አንተ 47 ላይ የፕሮቡን 12 ጨምረህበታል።

ጣና ዳር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡15

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ቅነሳውንም አልወደውም። 100 ሜጋ ኸርዝ የሚለው ጽሑፍ ቢያንስ ይህን ያህል ያሳልፋል ማለት ነው። ስኮፑ በእውነቱ 130 የሚያሳልፍ ቢሆን የራሱ ጊዜ 2.7 ይሆንና መልሱ 6.9 ይወጣል። ያልለካነውን ቁጥር ነው የምንቀንሰው። በዚያ ላይ 0.35 የምትሠራው ምላሹ ቀስ እያለ ለሚወርድ መሣሪያ ነው፤ ጠፍጣፋ ሄዶ ድንገት ለሚወርድ ስኮፕ ቁጥሩ ወደ 0.45 ይጠጋል። ያኔ የምንቀንሰው ይበዛል እንጂ አያንስም።

የጮቄ ነፋስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡50

እሱ ለትልልቆቹ ስኮፖች እውነት ነው። በእንዲህ ያለ ባለ 100 ሜጋ ኸርዝ መሣሪያ ላይ 0.35 አሳፍሮኝ አያውቅም። ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፦ ንባቡ ከስኮፑ የራሱ ጊዜ ሦስት እጥፍ ቢበልጥ ቅነሳው ኢምንት ነበር፣ አንከራከርም ነበር። እዚህ ስኮፑና ፕሮቡ አብረው 5 ናኖ ሰከንድ ናቸው፣ ንባቡ 8.2። ለዚህ ነው የምንጨቃጨቀው።

አባይ ማዶ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡30

ታዲያ ባንድዊድዙን ለምን አይለካውም? የሳይን ሞገድ ስጥ፣ 6 ክፍል ቁመት ላይ አስቀምጥ፣ ፍሪኩዌንሲውን ከፍ እያደረግህ ሂድ፣ ቁመቱ 4.2 ክፍል ሲደርስ እዚያ ነው ባንድዊድዙ። ይህን እንኳ አልተሳሳትኩም መሰለኝ።

የጮቄ ነፋስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡44

አልተሳሳትክም።

ዘማርቆስ | ዓርብ፣ ከቀኑ 4፡30

የእኛ ሞገድ ማመንጫ 25 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያበቃል። ቢሆንም ሞከርኩት። `1X` ላይ ቁመቱ 4.2 ክፍል የደረሰው 6.4 ሜጋ ኸርዝ ላይ ነው። `10X` አድርጌ `20M`ን ሳበራ 19 አካባቢ። ሁለቱን ወጥመዶች ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው ለኩ። 100ው ግን አልተደረሰበትም።

የስኮፑን የ1 ኪሎ ኸርዝ መፈተሻ ጠርዝ ብጠቀምስ ብዬ ነበር፤ ዘርግቼ ሳየው በመቶዎች ናኖ ሰከንድ የሚቆጠር ዘገምተኛ ነው።

ጣና ዳር | ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡10

እሱ የተሠራው ለብሎኗ ነው፣ ለባንድዊድዝ አይሆንም። 74AC14 ፈልግ፣ 74HC ሳይሆን AC። ጠርዙ ከ2 ናኖ ሰከንድ በታች ነው። ኃይሉ እግር ሥር 100 ናኖፋራድ በይድ፣ መውጫውን በ50 ኦም ሬዚስተር አሳልፈህ በአጭር ኮአክሲያል ኬብል ቀጥታ ስኮፑ ውስጥ አስገባ፣ ስኮፑ መግቢያ ላይ ባለ 50 ኦም ማብቂያ አድርግ። ፕሮብ አይግባበት። ስኮፑ 100 ከሆነ 4 ገደማ ታነባለህ፤ 3.3 ካነበብክ ከ100 በላይ ነው፣ ክርክራችን ያኔ ይፈታል። ከዚያ ያንኑ ጠርዝ በፕሮቡ ንካው፣ ልዩነቱ የፕሮቡ ነው።

የጮቄ ነፋስ | ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡35

እኛ በዘመናችን 2N2369 ትራንዚስተርን ወደ 90 ቮልት አድርሰን እንዲደረመስ እናደርገው ነበር፤ ጠርዙ ከ1 ናኖ ሰከንድ በታች ይወርዳል። ግን 74AC14 ይበቃሃል፣ 90 ቮልት ተማሪ ፊት አታምጣ።

ዘማርቆስ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡50

ማርቆስ ውስጥ 74AC14 አላገኘሁም፤ አንድ ወንድም ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል። እስከዚያ 6.5 ወይም 7 የሚለውን ክፍት ትቼዋለሁ። ቦርዱ ላይ «8.2 ተነበበ፣ ፕሮብ `10X`፣ ገደብ ጠፍቷል፣ አጭር ግራውንድ» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ የቀረኝ ፕሮብ አለ፣ አራተኛ። ብሎኗን እስከ መጨረሻ አዞርኩ፣ የካሬው ማዕዘን አሁንም ወደ ላይ ይሾላል፣ ቀጥ ማለት እምቢ አለ። ስኮፑ መግቢያ ላይ `1MΩ 15pF` ይላል። ፕሮቡ ላይ በደበዘዘ ጽሑፍ `20-45pF` ተጽፏል።

አባይ ማዶ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡05

ስኮፑ መግቢያ ላይ 8 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጨምርለት፣ 23 ይሆናል፣ ይስተካከላል።

ጣና ዳር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

1 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይስተካከላል። ናኖ ሰከንድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን ሳልለካው አልፈርምበትም። ይህ ፕሮብ የሌላ ስኮፕ ነው።

ዘማርቆስ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡52

የሌላ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከቆርቆሮዎቹ ኋላ አንድ አሮጌ ባለ ካቶድ ቱቦ ስኮፕ አገኘሁ፤ መግቢያው ላይ `1MΩ 30pF` ይላል። አቧራውን አራግፌ ሰካሁት፣ አረንጓዴዋ መስመር ወጣች። ፕሮቡን አገናኝቼ ብሎኗን ሩብ ዙር እንዳዞርኳት ካሬው ቀጥ አለ። ከዚያ መብራት ሄደ።